ኮቴ የትኛው ዓምድ ይግባ?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እኛ ቤት ዘመቻ አይጠፋም። የዘንድሮው የልብስ ቆጠራ ነው። ባለቤቴ ቁም ሳጥኑ በር ላይ በአራት ዓምድ የተሰመረ ወረቀት ለጥፋለች፦ ይቀመጥ፣ ይሰጥ፣ ይጠገን፣ ይጣል። እስክሪብቶው ሳይቀር በክር ታስሯል።

እኔን ያናደደኝ ቆጠራው አይደለም። "ይጣል" የሚለው ዓምድ ባዶውን መቅረቱ ነው። እኛ ቤት የሚጣል ልብስ የለማ! ሁሉም "ይጠገን" ስር ተሰግስጓል። ዚፑ አልያዝ ያለ ጃኬት፣ ላስቲኩ የረገበ ቱታ፣ ጭኑ የሳሳ ጂንስ፣ ብብቱ የተተረተረ ሹራብ። ሹራቡ ባለፈው ዓመትም ይጠገን ተብሎ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ተስፋ ያለው ጃኬቱ ነው። ዚፕ ሲያስቸግር ሰው ወዲያው "ሙሉውን ይቀየር" ይላል። ጥርሶቹ ካልረገፉ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዚፑ ራስ ነው፤ ያ ላይ ታች የሚሄደው ብረት ይሰፋና ጥርሶቹን አጥብቆ መግጠም ያቅተዋል። ምልክቱም ግልጽ ነው፣ ዘግታችሁት ስታበቁ ከኋላ ይከፈታል። በፒንሳ ግራና ቀኙን ቀስ እያሉ ጠበቅ ማድረግ ነው፤ ከበዛ ብረቱ ይሰበራል። ጥርስ ከጎደለ ብቻ ልብስ ሰፊ ጋ ይሂድ።

ጂንሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ አልተቀደደም፣ አልቋል። እራፊ ቢሰፋበት እራፊው ጠንካራ፣ ዙሪያው ስስ ስለሆነ ስፌቱ ዳር ላይ እንደገና ይሄዳል። መስኮት ላይ ዘርግቶ ማየት ነው፤ ብርሃን ካሳለፈ መርፌም አያድነው። ይህንን ሳስረዳት "በርካሽ መሰለህ እንዴ የተገዛው?" አለችኝ። ዋጋው ጨርቁን ያወፍረው ይመስል!

ልዋጭ የሚለው ልጅ በሰፈራችን ሲያልፍ ጠራሁት። ሳፋና ጆጉን አወረደ። ጂንሱን አንስቶ ጭኑን በሁለት ጣቱ ፈተገ፣ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። "ጋሼ፣ ይሄማ አልቋል" አለ። በቃ! እኛ የተከራከርንበትን እሱ ሳይቀመጥ ጨረሰው። ከዚያ እጁን ወደ ጃኬቱ ሲሰድ ነጠቅኩት፤ ልጁ ዓይን አለው።

"ይሰጥ" ስለሚለው ዓምድ ዝም ልበል ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ፣ አንድ እግር ካልሲ፣ የማይወጣ ዘይት የነካው ሱሪ ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ይሄ መስጠት ነው? የቤትን ቆሻሻ ለደሃ አሸክሞ ምርቃት መጠበቅ ነው እንጂ። ለሰው የሚሰጥ ልብስ ታጥቦ፣ ቁልፉ ተሟልቶ፣ ነገ ጠዋት የሚለበስ መሆን አለበት። ሌላው ይጣል።

"ይቀመጥ" ላይ ያለው ጋቢ ነው። ባለቤቴ ናፍታሊን አድርጋ በፌስታል ቋጠረችው። ብል የሚወደው ሱፍ ነው፤ ንጹሕ የጥጥ ጋቢ ምን ያደርግለታል? የጋቢ ጠላት እርጥበት ነው። ደህና አድርጎ ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ ሙቀቱ እስኪወጣ ጥላ ውስጥ ማቆየት፣ ከዚያ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ነው። ሳይደርቅ ፌስታል ከገባ ይሻግታል፣ ናፍታሊኑም ሽታ ከመጨመር ሌላ አይፈይድም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አንድ የሱፍ ኮት ነበረኝ። ገበሩ ሐር የመሰለ፣ ትከሻው ልኬ ላይ የተቆረጠ። የባለቤቴ ወንድም ለሰርግ ብሎ ወሰደው። የሰርጉ ሙሽሮች ዛሬ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፤ ኮቴ ግን አልተመለሰም። በየልቅሶው፣ በየምርቃቱ ፎቶ ላይ አየዋለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ይሄን ተረት የምወደውን ያህል በዚህ ሰውዬ ላይ አለመሥራቱ ያንገበግበኛል። ደምቋል እኮ! ከእኔ ይልቅ እሱን ያምርበታል ብላ ራሷ ባለቤቴ ነግራኛለች።

"ይሄ የትኛው ዓምድ ይግባ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ይሰጥ ስር ጻፈው። ተሰጥቷል አይደል?"

"ማን ሰጠው?"

"አንተው ነህ፤ ዝም ብለህ!"

አልጻፍኩትም። ወንድሟ ለመስቀል ምሳ ይመጣል ተብሏል። ለብሶት ብቅ ካለ በሩ ላይ አስወልቀዋለሁ፣ ብርዱን ራሱ ይወቀው።

ጂንሱ? ልዋጩ እንኳን የመለሰውን ጂንስ ባለቤቴ አጥባ አስጥታዋለች። ይጠገናል አሉ።