ገና ያልተወለደው አፍንጫ

ጓደኛዬ ሊያገባ ሁለት ወር ቀርቶታል። ሽማግሌ ተልኳል፣ አዳራሽ ተይዟል፤ የቀረው ሱፍ ማሰፋትና ገንዘብ መበደር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካለች ካፌ ደውሎ «ቶሎ ድረስ፣ ሠርጉ ሊፈርስ ነው» አለኝ። ስደርስ ሁለት ማኪያቶ ሳይነካ ቀዝቅዟል። እሱ ወደ ግራ፣ እጮኛው ወደ ቀኝ ዞረዋል። መሃላቸው ስልክ ተጋድሟል፤ ስልኩ ላይ ሕፃን አለ።

«የማን ልጅ ነው?» አልኩ።

«የኛ» አለ ጓደኛዬ።

ሳላስበው ዓይኔ ወደ ሆዷ ሄደ። «አንተ ደግሞ! አፕ የሠራው ነው!» ብላ ጮኸችብኝ።

የእናትና የአባት ፎቶ ሲሰጡት የወደፊት ልጃቸውን መልክ «የሚያወጣ» አፕ ጭነው ነው። ልጁ ሸጋ ነው፤ ጸጉሩ ግን ሉጫ። በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር ሉጫ ጸጉር ያለው ሰው አይገኝም፤ ይሄንን ግን ማንም ልብ አላለውም። ጠቡ አፍንጫው ላይ ነው። የሕፃኑ አፍንጫ ግራና ቀኝ ተንሰራፍቶ ጉንጩን ሊገፋው ደርሷል።

«የኔ ሰልካካ ነው፤ ይሄ ያባትሽ ነው» አለ ጓደኛዬ። አማቱን ከሠርጉ በፊት መስደቡ ነው።

እኔ የሠርግ ፎቶ እያስተካከልኩ የማድር ሰው ነኝ። የስንቱን ሙሽራ ብጉር አጥፍቻለሁ፣ የስንቱን አጎት ቦርጭ ገፍቻለሁ። ፊት ከፊት የሚዋሃድበትን ዘዴም አውቀዋለሁ። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ፊት ላይ ምልክት ይተክላል፦ በዓይን ጥግ፣ በአፍንጫ ጫፍ፣ በከንፈር ዳር፣ በአገጭ ዙሪያ። በብዙዎቹ ዘንድ የተለመደው 68 ነጥብ ነው። ነጥቦቹ ሲያያዙ ፊቱ በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይሸነሸናል። ከዚያ የሱን አፍንጫ ጫፍና የሷን አፍንጫ ጫፍ ወስዶ መሃል ለመሃል አዲስ ነጥብ ያስቀምጣል፤ ሦስት ማዕዘኖቹን እየሳበ ወደዚያ ያመጣል፤ ቀለሙን ግማሽ ከሱ ግማሽ ከሷ ይቀዳል። የሚወጣው ፂም ይሁን ኩል የማይለይበት ጎልማሳ ነው። ጎልማሳ ደግሞ ጡት አይጠባም። ስለዚህ ፊቱን በተዘጋጀ የሕፃን ቅርጽ ላይ ይወጥሩታል፤ ግንባሩ ሰፋ፣ ዓይኑ ተለቅ፣ ጉንጩ ሞላ ይላል። አዳዲሶቹ ደግሞ ብዙ ፎቶ አይቶ የተማረ ፕሮግራም ልጁን እንዲስለው ያደርጋሉ። ፕሮግራሙ ያየው አብዛኛው ሉጫ ከሆነ ለአራዳም ልጅ ሉጫ ይስልለታል።

«ያንተን ፎቶ እንዴት አነሳኸው?» አልኩት። እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ ክንዱን አጠፍ አድርጎ፣ በራሱ እጅ። ነገሩ ገባኝ። ካሜራ ፊት ላይ ሲደቀን አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ በጣም ይቀርበዋል፤ የቀረበ ነገር ደግሞ ይገዝፋል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የአሜሪካ ሐኪሞች ስሌት እንደሚለው፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር የተነሳ አፍንጫ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው ወደ 30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ይታያል።

ጓደኛዬን በሩ ጋ አቁሜ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቄ አነሳሁት፤ ፊቱን በመቅረብ ሳይሆን ከተነሳው ፎቶ ላይ ቆርጬ ነው ያወጣሁት። እሷንም እንደዚያው። አፑ ድጋሚ ሠራ። አፍንጫው ገባ አለ። ልጁ ሳይጸነስ ቀዶ ሕክምና አገኘ።

ይሄኔ ሌላ ችግር መጣ። ታረቁና አመኑት! «አየህ፣ እንዲህ ቆንጆ ነው የምንወልደው» ይሉኝ ጀመር። ስም ማውጣት ሁሉ ጀምረዋል።

«ጋሼ፣ አንዴ ፎቶ ላንሳዎት?» አልኳቸው የካፌውን ዘበኛ።

«ለምንድን ነው ልጄ?»

«ለጥናት ነው።»

ኮፍያቸውን አውልቀው ቀጥ ብለው ቆሙ። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሪዛቸው ለሁለት ሰው ይበቃል። የሳቸውን ፎቶ «አባት» በሚለው ሳጥን፣ የራሴን «እናት» በሚለው ከተትኩ። አፑ ማን ከማን እንደሚጋባ አይጠይቅም። ግማሽ ደቂቃ አሰበና እኔና ጋሼ ዘበኛው በመላ ዘራችን አይተነው የማናውቅ ውብ ሕፃን ሰጠን። ያው ሉጫ ጸጉር፣ ያው ጉንጭ። ጎን ለጎን ስናያቸው ከጓደኛዬ ልጅ ጋር መንታ ናቸው።

ውበቱ የልጁ ሳይሆን የአማካዩ ነው። የኔ ጠባሳ በግራ፣ የሳቸው ኪንታሮት በቀኝ ነው፤ ሲደባለቁ ሁለቱም ይደበዝዛሉ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፍራንሲስ ጋልተን በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «የወንጀለኛ መልክ» ምን እንደሚመስል አያለሁ ብሎ የእስረኞችን ፎቶ በአንድ የፎቶ ሳህን ላይ ደራርቦ ነበር። የወጣለት ግን ከእያንዳንዱ እስረኛ የተሻለ መልከ መልካም ሰው ነው።

ጓደኛዬ አሁንም አልተዋጠለትም። የወላጆቼ የሠርግ ፎቶ ስልኬ ውስጥ ስለነበረ ሁለቱን አስገባሁ። ልጃቸው ተወልዶ እዚህ ቁጭ ብሏልና መልሱን እናውቃለን። የወጣው ሕፃን እኔን አይመስልም፤ ወንድሜንም ሆነ ሁለቱን እህቶቼንም አይመስልም። ከአንድ ፎቶ ጥንድ አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚወጣው፤ እናቴ አራት ወልዳ አራታችንም እንለያያለን። ወንድሜ ደግሞ የአያታችንን አፍንጫ ይዞ ነው የመጣው። አፑ የአያቴን ፎቶ መች ጠየቀ?

ማታ አራት ኪሎ የጓደኛዬ እናት ዘንድ ሄድን። እሳቸው ጤፍ በሰፌድ ያበጥራሉ፤ ሰርገኛ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ዳማ ነው፤ ጎንበስ ሲሉ ግን ቀይ ፍሬና ነጭ ፍሬ ነው። አንዷም ፍሬ ግማሽ ቀይ ግማሽ ነጭ አይደለችም። «ልጅ እንዲህ ነው» አልኩት ጓደኛዬን፣ «አንተ ማኪያቶ አደረግኸው።» የቆዳ ቀለም በብዙ ዘረ መል ስለሚወሰን እንደ ሰርገኛው ከሩቅ የተዋሃደ ይመስላል፤ ፍሬው ግን አይቀልጥም። እያንዳንዱ ወላጅ ዘረ መሉን የተሸከመ 23 ጥንድ ክሮሞሶም አለው፤ ከየጥንዱ አንድ አንድ ይሰጣል። የትኛውን እንደሚሰጥ በዕጣ ነው። አንድ ወላጅ ብቻውን ከ8 ሚሊዮን በላይ ዓይነት እፍኝ ሊሰጥ ይችላል፤ ያውም ክሮሞሶሞቹ ከመሰጠታቸው በፊት እርስ በርስ ቁራጭ የሚለዋወጡትን ሳንቆጥር። አባት ራሱ ላይ ያልታየ ፍሬ፣ ከእናቱ ተቀብሎ ደብቆት የቆየ፣ በልጁ ላይ ብቅ ይላል።

«ምንድን ነው የምታወሩት?» አሉ እናቱ፣ ሰፌዱን አስቀምጠው። ጓደኛዬ ስልኬን ተቀብሎ «የልጄን ፎቶ ላሳይሽ» አለና ቸኩሎ የከፈተላቸው የኔንና የዘበኛውን ሆነ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠኝ።

«ውይ የኔ ጌታ!» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይሄማ ቁርጥ አያቱን! ግንባሩን እዩት፣ ያው የሟቹ ግንባር!» ስልኩን ሳም አደረጉት። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው ራቅ አድርገው አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አፍንጫው ብቻ» አሉ፣ «አፍንጫው በእናቱ ወገን ነው።»