ክሬቲን ለደረጃ ሩጫ ይረዳል ወይ?

የአንባቢ ጥያቄ፦ «ከሥራ በኋላ መስቀል አደባባይ ደረጃውን ደጋግሜ በሩጫ እወጣለሁ። ክሬቲን የሚባለውን የስፖርት ማሟያ ዱቄት ብወስድ ጉልበት ይጨምርልኛል ወይስ ውኃ ብቻ ነው የሚያስይዘኝ?»

ተቃዋሚ፣ በስታዲየም አካባቢ የጂም አሰልጣኝ፦ ውኃ ነው ባይ ነኝ። እኔ በወሰድኩበት የመጀመሪያ ሳምንት ክብደቴ ሁለት ኪሎ ገደማ ጨመረ፤ በሳምንት ይህን ያህል ጡንቻ አይገነባም። በዚያው ሰሞን የደም ምርመራዬ ላይ ኩላሊት የሚያጣራው ክሬቲኒን ከፍ ብሎ ስለተገኘ ኩላሊቴን ሰግቼ አቆምኩት።

ደጋፊ፣ አራት ኪሎ የምታስተምር የስፖርት ፊዚዮሎጂ መምህርት፦ ስለ ውኃው አሰልጣኙ ልክ ናቸው፤ ክሬቲን ወደ ጡንቻ ሲገባ ውኃ አስከትሎ ነው። ነገር ግን ከገባው ክሬቲን አብዛኛው ፎስፌት ተሸክሞ ፎስፎክሬቲን ሆኖ ይቀመጣል። ጡንቻ በቀጥታ የሚጠቀምበት ጉልበት ኤቲፒ ይባላል፤ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ያለው ኤቲፒ ከጥቂት ሰከንድ አያልፍም፤ ፎስፎክሬቲን ግን ፎስፌቱን ኤቲፒ ጉልበቱን ሰጥቶ ለሚቀረው ለኤዲፒ አስረክቦ በቅጽበት፣ ያለ ኦክስጅን፣ ኤቲፒን መልሶ ይሠራል። ጠያቂው ስምንት ሰከንድ ሮጠው 30 ሰከንድ ያርፋሉ እንበል። በዚህ ዕረፍት ከወጣው ፎስፎክሬቲን የሚተካው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ባነሰ ክምችት ይጀምራል። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ለአራት ሳምንት ያህል ሲወሰድ ክምችቱ ከፍ ስለሚል፣ በመጀመሪያው ዙር እምብዛም የማይታየው ልዩነት በአራተኛውና በአምስተኛው ላይ ይታያል፤ ፍጥነቱ ቶሎ አይወርድም። ክሬቲኒን ደግሞ ክሬቲን ሲፈርስ የሚወጣ ተረፈ ምርት ስለሆነ ኩላሊት ሳይታመምም ከፍ ሊል ይችላል፤ ዱቄቱን እንደሚወስዱ ለሐኪሙ መንገር ያሻል፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሳያማክር አይጀምር።

ተቃዋሚ፦ ይህን ልቀበል። ይሁን እንጂ ደንበኞቼ አብዛኞቹ 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጡ ናቸው፤ ለእነሱ ሁለቱ ኪሎ ጭነት ነው። ደግሞስ ሥጋ የሚበላ ሰው ከምግቡ አያገኝም?

ደጋፊ፦ ለ10 ኪሎ ሜትሩ እኔም አልከራከርም፤ እዚያ ጉልበቱ በአመዛኙ ከኦክስጅን ጋር የሚመረት ነው። ምግቡን በተመለከተ ግን፣ በአንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ውስጥ ያለው ክሬቲን ከ4 እስከ 5 ግራም ገደማ ነው፤ ያንን በየቀኑ የሚበላ ማን አለ? ዓመቱን ሙሉ ሥጋ የማይቀምስ ሰው ክምችቱ ከሌላው ዝቅ ያለ ስለሚሆን ጭማሪው የበለጠ ይታይበታል። በተቃራኒው፣ ከመነሻው ጡንቻቸው ሊይዘው የሚችለውን ያህል የሞላላቸው ሰዎች ቢወስዱም ለውጥ አያዩም።

ተቃዋሚ፦ ታዲያ ጠያቂው ከየትኛው ወገን እንደሆኑ በምን ይወቁ?

ደጋፊ፦ ከመጀመራቸው በፊት፣ ከዚያም ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ዕረፍቱን ሳይቀይሩ የመጨረሻውን ዙር በሰዓት ይለኩ።

ተቃዋሚ፦ በአራት ሳምንት ልምምዱ ራሱ ያፈጥናቸዋል፤ ያ መለኪያ እኔን አያሳምነኝም።