ብርድ ደም አያስቀምጥም

«ጫጩቶቹን የፈጀው የሐምሌ ብርድ ነው። መስኮቱን ድፈኑ፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን በውኃ በጥብጣችሁ ስጡ።»

ባለፈው ቅዳሜ ለዶሮ አርቢዎች በተጠራው ስብሰባ ከመድረክ የተሰጠው መልስ ይኸው ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት እናት ደም የነካው ጭድ በፌስታል ቋጥረው መጥተዋል፤ ፌስታሉን ይፍቱት ያላቸው ግን አልነበረም። የጎጃም ክረምት ምን ያህል እንደሚበርድ ለጎጃም ሰው አይነገርም። ገና የተፈለፈለ ጫጩት ሙቀት ካጣ ተደራርቦና ተፋፍኖ ይሞታል፤ እስከዚህ እስማማለሁ። የእኚህ እናት ጫጩቶች ግን 4 ሳምንት ሞልቷቸዋል፣ ላባ አውጥተዋል፣ የሚያስቀምጣቸውም ደም ነው። ደም የሚያስቀምጥ ብርድ የት አገር እንደታየ መድረኩ ቢነግረን ደስ ባለን።

በሽታው ኮክሲዲዮሲስ ነው። ተውሳኩ በአንጀት ውስጥ ይራባል፤ እንቁላሉም ከኩስ ጋር ይወጣል። እንቁላሉ እንደወጣ አይጎዳም፤ መጀመሪያ መብሰል አለበት፣ ለመብሰልም እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ይሻል። እርጥብ ጉዝጓዝ ሦስቱንም ይሰጠዋል፤ ያኔ በ1 ወይም በ2 ቀን ይበስላል። ጫጩቷ የበሰለውን ለቅማ ከዋጠች ከ4 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ደም ይታያል።

ይህን ስሌት ይዤ ከስብሰባው በኋላ እናትየዋን ተከትዬ ቤታቸው ሄድኩ። የውኃ ማጠጫው ወለሉ ላይ ተቀምጧል፣ በዙሪያው ያለው የጤፍ ጭድ ረግረግ ሆኗል። አንድ እፍኝ አንስቼ ጨበጥኩት፤ እጄን ስከፍት እንደ ጭብጦ ተያይዞ ቀረ። ደኅና ጉዝጓዝ ሲለቁት ይበታተናል። ማጠጫው መቼ እንደተሰነጠቀ ጠየቅኋቸው። «ያለፈው ቅዳሜ ነው፣ ዛሬ ሳምንቱ» አሉኝ። ደሙንስ መቼ አዩት? «ትናንት፣ ዓርብ ጠዋት።» ቁጠሩት እንግዲህ፦ ቅዳሜ ውኃው ፈሰሰ፣ ሰኞ ተውሳኩ በስሎ ተዋጠ፣ ዓርብ ደም ታየ። ብርዱ ከሰኔ ጀምሮ አልተለየንም፤ ከደሙ ጋር ቀኑ የሚገጥመው ማጠጫው ነው። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ ጣት መቁጠር ይበቃል።

መስኮት መድፈን ደግሞ ከስንፍናም ያልፋል፤ ተውሳኩን መቀለብ ነው። የጫጩቶቹ እስትንፋስና ኩስ የሚያወጡት እርጥበት መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ጭዱ ላይ ያርፋል። ቤቱ ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ከተቀበለዎት ነገሩ ተበላሽቷል። ነፋሱ በጫጩቶቹ ቁመት እንዳይመታቸው ከታች መከለል፣ ከላይ ግን መክፈት ነው።

ደሙን ቀድሞ ማየትም ይቻላል። ማታ በሚያድሩበት ቦታ ላይ ንጹሕ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፉና ጎሕ ሲቀድ ተመልከቱት። ቡናማና የሚያጣብቅ ኩስ የጤነኛ ዶሮም ነው፣ አትደንግጡ። ቀይ ጠብታ ወይም የረጋ ደም ካለበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያው ሰዓት ላባዋን አንጨብርራ፣ ክንፏን ጥላ የቆመችና ኩክኒዋ የገረጣ ጫጩት ፈልጉ። የሞተች ካለች ደግሞ ሆዷን ክፈቱ፤ ከአንጀቱ መጨረሻ አካባቢ ያሉት ሁለቱ ዕውር አንጀቶች አብጠው በደም ከተሞሉ «ፈንግል ይሆናል» የሚለው ግምት ያበቃል። የኮክሲዲዮሲስ ዓይነት ሁሉ ደም ያሳያል ማለት አይደለም፤ ደም ያሳየው ግን በብርድ አይሳበብም።

መድኃኒቱስ? ኦክሲቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ይህን ተውሳክ አይገድልም። የሚፈለገው አምፕሮሊየም ነው። ባለ 20 በመቶው ዱቄት በሽታው ሲከፋ በ1 ሊትር ውኃ 1.2 ግራም ተበጥብጦ ለ5 ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ መጠኑ ወደ ሩቡ ወርዶ ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት ይቀጥላል። የሚሰጠው ለታመሙት ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነው፣ ሌላ ውኃም አይቀርብላቸውም። የታመመች ጫጩት መብላት ብታቆምም ብዙ ጊዜ መጠጣቷን አትተውም። «ጉልበት ይስጣቸው» ተብሎ የሚጨመረው ቫይታሚን ደግሞ ቢ1 ካለበት መድኃኒቱን ያከሽፈዋል፤ አምፕሮሊየም የሚሠራው ተውሳኩን ቢ1 በመንፈግ ነውና። አንጀቷ አስቀድሞ የተበጣጠሰችውን ግን ላያድናት ይችላል።

እናትየዋ ያን ቀን ረግረጉን ጭድ ጠርገው አውጥተው አቃጠሉ፣ በምትኩ ደረቅ ጭድ አለበሱ። አዲሱን ማጠጫ በጡብ ላይ ከጫጩቶቹ ጀርባ እኩል አነሡት። ቀጥሎ ያደረጉት ጠዋት መስኮቱ ላይ የቸነከሩትን ላስቲክ መገንጠል ነበር።