ኮፍያ አውልቅ፣ ኮፍያ አድርግ

የኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ በግንቡ ውስጥ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። በዚያች ጠባብ ቦታ ግን የአለባበስ ሕጉ በእግር ጥቂት ደቂቃ በሄዱ ቁጥር ይገለበጣል።

አይሁድ የሚጸልዩበት ምዕራባዊው ግንብ ጋ ወንድ ራሱን ሳይሸፍን አይጠጋም። ኮፍያ ያልያዘ በር ላይ በነፃ ይሰጠዋል። ወንድና ሴት የሚቆሙት ለየብቻ ነው። ቅዳሜ ከሆነ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት የለም።

ከዚያው አጠገብ ባለው የእንጨት መወጣጫ ወደ አል-አቅሳ ግቢ ይወጣል። ሙስሊም ላልሆነ ጎብኚ የተፈቀደው በር እሱ ብቻ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ ተቃቅፎ መሄድ ያስቆጣል። የእኛን ሰዎች የሚያስቸግራቸው ግን ልብስ አይደለም። በቆየው ደንብ መሠረት ሌላው እምነት ግቢውን ያያል እንጂ አይጸልይበትም። ከቦርሳ የማይለይ የጸሎት መጽሐፍ ፍተሻው ላይ ጣጣ ያመጣል። መስጊዶቹ ውስጥ መግባትማ አይታሰብም።

ጎልጎታ ሲደርሱ ደግሞ ወንዱ ያንን ኮፍያ ማውለቅ አለበት። ጫማ ግን አይወልቅም። እናቶቻችን ይህ አይዋጥላቸውም። «ጌታ በተሰቀለበት በጫማ?» ይላሉ። ጎንበስ ብለው ማውለቅ ሲጀምሩ ከኋላ ያለው ሰልፍ ይገፋል፣ አስተናጋጁም «እለፉ፣ እለፉ» ይላል። ከከተማዋ ግንብ ውጭ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ገዳማችን ደብረ ገነት ሲደርሱ ነው ጫማቸውን በር ላይ ጥለው እፎይ የሚሉት።

እንግዲህ የዚያ አገር የአለባበስ ሕግ ሁሉ ዓይን የሚያየው ነው፤ ትከሻ፣ ጉልበት፣ ራስ። ለሴት አንድ ነጠላ ሦስቱንም ቦታ ይበቃታል። እኛ አገር ከልብሱ በላይ የሚከብደው የማይታየው ነው። በልቶ የመጣ፣ የወር አበባ ላይ ያለች፣ ንጹሕ አይደለሁም ያለ ሁሉ ራሱን ዳኝቶ ከደጅ ይቆማል። በሩን ተሳልሞ፣ ጸልዮ ይመለሳል። ለምን አልገባህም ብሎ የሚጠይቀው የለም። ይህን የመሰለ ጨዋነት ውጭ አላየሁም።

ሱሪ ለብሳ የመጣች ልጅ ላይ ግን ያ ጨዋነት ወዴት እንደሚሄድ አይገባኝም። ሰው ፊት ትገሠጻለች፤ አንዳንዴም ከበር ትመለሳለች። ምዕራባዊው ግንብ ጋ ያለው ጠባቂ ሃይማኖቷንም አይጠይቃት፣ መሸፈኛ ጨርቅ ሰጥቷት ወገቧ ላይ አስራ ትገባለች፤ ስትወጣ ትመልሳለች። የእኛ ደጀ ሰላም አንድ ቅርጫት ሙሉ ነጠላ ማስቀመጥ የሚያቅተው አይመስለኝም።