«ከአየር ሁኔታው በታች» የሆነ ልጅ አይቼ አላውቅም

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ አልፎ አልፎም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎምኩ መተዳደር ከጀመርኩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት የክፍያ መዘግየትም ሆነ የጊዜ ጥበት ያላስመረረኝን ያህል የሚያስመርረኝ አንድ ነገር አለ፤ እሱም በትርጉሙ ልክ የተረጎምኩት ፈሊጥ ተሰርዞ በምትኩ አማርኛ ያልሆነ ዐረፍተ ነገር ተጽፎበት ሲመለስልኝ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ይኸው ነገር ስለ ደገመኝ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዝናቡ እስኪያባራ ከተጠለልኩባት ቡና ቤት ሆኜ ብሶቴን መጻፍ ጀመርኩ።

ሥራው ስለ ሕፃናት ክትባት ለወላጆች የሚታደል በራሪ ጽሑፍ ነው። እንግሊዝኛው ልጁ «አንደር ዘ ዌዘር» ቢሆንም ክትባቱን ሊወስድ እንደሚችል ይናገራል። ይህ አባባል አየርን ይጥራ እንጂ ስለ አየር ምንም አይናገርም፤ ሰው ትንሽ ሲያመው ወይም ሲጫጫነው የሚባል ነው። ስለዚህ «ልጁን ትንሽ ቢያመውም መከተብ ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። «ትንሽ» የምትለዋን ቃል ያስገባኋት አስቤበት ነው፤ ምክንያቱም ፈሊጡ ቀላል ሕመምን ብቻ ስለሚያመለክት «ቢታመምም» ብዬ ብተወው ኖሮ በጠና የታመመና አስቀድሞ በባለሙያ መታየት ያለበት ልጅ ሁሉ ይጨመርበት ነበር። ፋይሉ ሲመለስ ግን ዐረፍተ ነገሬ በቀይ ተሰርዞ «ልጁ ከአየር ሁኔታው በታች ቢሆንም» ተብሏል፤ በኅዳጉም «ከመነሻው ጋር አይመሳሰልም» የሚል አስተያየት ሰፍሯል።

ይህ ስሕተት ከአንድ ሰው ችኮላ የመጣ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላማረርኩ ነበር። ስሕተቱን ያመጣው ግን ራሱ የማረጋገጫው መንገድ ነው። አማርኛው ከተጠናቀቀ በኋላ መነሻውን ያላየ ሌላ ተርጓሚ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ከዚያም አማርኛ የማይችለው አሠሪ ሁለቱን እንግሊዝኛዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያመሳክራል። የእኔ «ትንሽ ቢያመውም» ሲመለስ «ትንሽ ቢታመም» የሚል ተራ እንግሊዝኛ ስለሚሆን ቃላቱ ይለያዩና የተሳሳተ ይመስላል። «ከአየር ሁኔታው በታች» ግን ሲመለስ ቃል ሳይጎድልበት ያው «አንደር ዘ ዌዘር» ሆኖ ስለሚወጣ ፈተናውን ያልፋል። መልሶ የሚተረጉመው ሰው እንግሊዝኛ አዋቂ በመሆኑ በተሰባበረው አማርኛ ውስጥ የተደበቀውን ፈሊጥ ወዲያው ይለየዋል፤ በራሪ ጽሑፉን ከጤና ጣቢያ ይዛ የምትሄደው እናት ግን ያ ዕውቀት የላትም። በዚህም የተነሳ ማመሳከሪያው የተዘለለ ዐረፍተ ነገርን ወይም የተዛባ ቁጥርን በደንብ የሚይዘውን ያህል ፈሊጥ ሲገጥመው ደህናውን ጥሎ የተበላሸውን ያሳልፋል።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ቡና የምታፈላዋን እህት ጠርቼ እንግሊዝኛውን ሳልነግራት የተሰጠኝን «እርማት» አነበብኩላትና «ምን ማለት ይመስልሻል?» አልኳት። ጥቂት አሰብ አድርጋ «ብርድም ቢሆን አምጧቸው ነው የሚለው? በዚህ ዝናብማ ሕፃን ታቅፎ ማን ይወጣል፣ ወንድሜ?» አለችኝ። የራሴን ሳነብላት ደግሞ ሲኒውን እንደያዘች ቆም ብላ «እኔ እኮ ባለፈው ትንሽ ስላሳለው ቀጠሮውን ትቼው ቀረሁ» አለች። በራሪ ጽሑፉ የተዘጋጀው ልክ እንደ እሷ ላለች እናት ነበር።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲኬድ ነገሩ ይብሳል። አንድ ጊዜ ከወለዱ ብዙም ያልቆዩ እናቶች የሰጡት ቃል ተተርጉሞ እንዳርመው መጥቶልኝ ነበር። አንዷ «ማታ ማታ ሆድ ይብሰኛል» ብላለች፤ እንግሊዝኛው ግን ማታ ማታ የሆድ ሕመም እንደሚጠናባት ይገልጻል። ሴትየዋ የተናገረችው ስለ ኀዘኗና እንባ እንባ ስለሚላት ነበር። በጨጓራ ሕመምተኛነት ብትመዘገብ ኖሮ ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት የሚጠይቃት ሰው ባልተገኘ ነበር። እዚህ ላይ አማርኛው ራሱ ምልክት ሰጥቶ ነበር፤ ሕመም ሲሆን «ሆዴን አመመኝ» ወይም «የሆዴ ሕመም ባሰብኝ» እንላለን፤ ኀዘን ሲሆን ግን «ሆድ» ባለቤቱን የሚያመለክተውን ቅጥያ ይጥልና «ባሰብኝ» መባሉ ቀርቶ «ባሰኝ» ይሆናል። «አንጀቴን በላኝ»፣ «ሆዱ ባባ»፣ «ሐሞቱ ፈሰሰ» የሚሉትም እንዲሁ በታወቀ ቅርጽ የረጉ ናቸው። በእኔ ልምድ፣ የአካል ክፍል ስም ከማይስማማው ግስ ጋር ተጣምሮ ሳገኝ፣ ወይም ዐረፍተ ነገሩ ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር አልያያዝ ሲለኝ፣ ፈሊጥ አለ ብዬ እቆማለሁ።

ከሁሉ የምፈራው ግን ቃል በቃል ተተርጉሞም ደህና አማርኛ የሚመስለውን ነው፤ «ከአየር ሁኔታው በታች» ቢያንስ ጆሮ ይሻክራል። እንግሊዝኛው «እጅ መስጠት» ሲል ማገዝ ማለቱ ነው፤ በእኛ ዘንድ እጅ የሚሰጠው ግን የተሸነፈ ነው። ስለዚህ «የጤና ባለሙያዋ ለእናቲቱ እጅ ሰጠች» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰዋስዉ ሳይጓደል መልእክቱን ይገለብጠዋል። በእንግሊዝኛ የአባት ልብ በልጁ ሲያብጥ ኩራትና ደስታ ነው፤ በአማርኛ ልቡ ያበጠ ሰው ትዕቢተኛ ነው። ትርጉሙ ሲቀራረብም መጠኑ ሊራራቅ ይችላል፤ በእንግሊዝኛ «ኮልድ ፊት»፣ ቃል በቃል «ቀዝቃዛ እግሮች»፣ የተባለላትን፣ በሠርጓ ዋዜማ ያመነታችን ሙሽራ «ሐሞቷ ፈሰሰ» ብንላት በልቧ የመጣባትን ጥርጣሬ ፍርሃት አድርገን እናጋንነዋለን፤ «አመነታች» ይበቃት ነበር።

የአየር ነገር ሲነሳ ስለ ቁጠባ በተዘጋጀ ጽሑፍ ላይ ያየሁትን ልጨምር፤ «ለዝናባማ ቀን ገንዘብ ያስቀምጡ» ይላል። እንግሊዞች ዝናብን የችግር ቀን ምሳሌ ማድረጋቸው የእነሱ ጉዳይ ነው። በእኛ አገር ከ1880 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የዘለቀው ታላቅ ረኀብ «ክፉ ቀን» ተብሎ የቀረው ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ዝናቡም ጠፍቶ ነው። ገበሬ ሰማዩን እያየ የሚለምነውን ዝናብ የመከራ ስም ከምናደርገው «ለክፉ ቀን» ብለን ብንጽፍ ሁሉም ይረዳዋል።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቆቹ ሲተረጎሙ ቃል በቃል ሳይሆን ሐሳቡ እንዲተላለፍ አሳስቦ፣ መልሶ ከመተርጎም በተጨማሪ ትርጉሙ በሚመለከታቸው ሰዎች ላይ እንዲሞከርና የተረዱትን በራሳቸው አነጋገር እንዲናገሩ መጠየቅን በሥርዓቱ ውስጥ አካቷል። እኛ ዘንድ መልሶ መተርጎሙ ይያዝና በሰዎች ላይ መሞከሩ «ጊዜ የለም» ተብሎ ይታለፋል፤ እኔ ቡና ቤቷ ውስጥ ያደረግኩት አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ዛሬ ጠዋት ፋይሉን ስመልስ በኅዳጉ ላይ የቡና አፍይዋን ሁለት መልሶች ሳልለውጥ ጻፍኩ፤ «ይህ ፈሊጥ ነው፤ መልሶ የተተረጎመው በቃል ሳይሆን በትርጉም ይመዘን» የሚልም አከልኩበት። ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን የሚረከበው ዓርብ ነው። እስካሁን መልስ ስላልመጣልኝ ስልኬን በየደቂቃው እያየሁ ነው።