የተጠቀሰ ሁሉ ተቀባይነት ያገኘ አይደለም

ጅማ ውስጥ ወጣት ጠበቆችና የሕግ ተማሪዎች ከፍርድ ላይ የሚያወጡትን ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ አያለሁ። በአንድ በኩል የተጠቀሱት ሕጎችና የሰበር ውሳኔዎች ይደረደራሉ፤ በሌላ በኩል ችሎቱ እያንዳንዱን እንዴት እንዳየው ይጻፋል። ሥራው ጥሩ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሰንጠረዥ አንድ ቦታ ላይ ይሳሳታል፦ ተከራካሪው የጠቀሰውን ችሎቱ እንደተቀበለው አድርጎ ይመዘግባል።

ምክንያቱ የፍርዶቻችን አጻጻፍ ነው። የሰበር ፍርድ ግማሹ የሥር ፍርድ ቤቶችን ታሪክና የግራ ቀኙን ክርክር ይተርካል። ከዚያ በኋላ ነው «የጉዳዩ አመጣጥ ከላይ የተመለከተው ሲሆን፣ እኛም … መርምረናል» የሚለው የሚመጣው። እርሳስ አንስታችሁ እዚያ ላይ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ በላይ ያለው የሌላ ሰው አባባል ነው። የችሎቱ አቋም ከመስመሩ በታች ነው።

አንድ ምሳሌ ልፍጠር። ሂርማታ ውስጥ የሚገኝ ቤት በ600 ሺህ ብር ተሸጠ እንበል። ውሉ በጽሑፍ ነው፤ ምስክሮችም ፈርመዋል። ግን ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት ፊት አልቀረበም። ሻጩ ቆይቶ ካደ። ገዢው «ለቤት ሽያጭ በጽሑፍ መሆኑ ይበቃል» ብሎ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2877ን ጠቀሰ። ሻጩ ያመነው ውል ይጸናል የሚል አንድ የቆየ የሰበር ውሳኔም አከለ። ሻጩ ደግሞ እንዲህ ያለ ውል ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት ፊት መደረግ አለበት የሚለውን ቁጥር 1723ን እና በሰበር ቅጽ 4 የወጣውን መዝገብ ቁጥር 21448ን አነሳ፤ ይህ ውሳኔ በ1723 መሠረት ያልተደረገ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል አይጸናም ያለ ነው። ችሎቱ ለሻጩ ፈረደ።

ሰንጠረዡ እንዲህ ይሆናል፦

| የተጠቀሰው | ማን ጠቀሰው | ችሎቱ ምን አደረገ | ቦታው |
|---|---|---|---|
| ፍ/ሕ/ቁ. 1723 | ሻጭ | ተመሠረተበት | ገጽ 4 |
| ሰ/መ/ቁ. 21448 | ሻጭ | ተከተለ | ገጽ 4 |
| የገዢው የሰበር ውሳኔ | ገዢ | ለየ፦ «በዚያ መዝገብ ሻጩ ውሉን አምኗል፤ በተያዘው ጉዳይ ግን ክዷል» | ገጽ 5 |
| ፍ/ሕ/ቁ. 2877 | ገዢ | መልስ አልሰጠበትም | የለም |

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ገዢው ተሸነፈ፤ ስለዚህ የጠቀሰው ውሳኔም «ውድቅ ሆነ» ተብሎ ይጻፋል። አልሆነም። ችሎቱ ያለው ፍሬ ነገሩ ይለያያል ነው። ነገ ሻጩ ያመነበት ጉዳይ ሲመጣ ያ ውሳኔ አሁንም ያገለግላል። «ለተያዘው ጉዳይ አግባብነት የለውም» የሚል ቃል ካገኛችሁ፣ የሚለየው ነጥብ ምን እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። ያ ነጥብ ካልተጻፈ ረድፉ ለማንም አይጠቅምም።

አራተኛውን ረድፍ ደግሞ ብዙዎች ጨርሶ ያስቀሩታል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ችሎቱ ዝም ካለ፣ አልተቀበለውም አልጣለውምም። ዝምታውን «ውድቅ» ብሎ መመዝገብ ችሎቱ ያላለውን ማስባል ነው። ክርክሩም ሌላ ጊዜ ሊነሳ የሚችል ሆኖ ይቀራል።

«ለወጠ» የሚለውን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት የዳኞቹን ቁጥር ተመልከቱ። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ሰበር ቀድሞ የሰጠውን ትርጉም እንዲለውጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች እንዲቀመጡ ይፈልጋል። በዚህ አዋጅ ሥር አምስት ዳኞች የፈረሙበትን ፍርድ «ለወጠ» ካላችሁት ደግማችሁ አንብቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት «ለየ» ነው። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ዘመን የተሰጡት ግን በዚህ አይለኩም።

አሕጽሮተ ቃሉም ተንኮለኛ ነው። ፍ/ሕ/ቁ. እና ፍ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. ሲገለበጡ «ሥ/ሥ» በቀላሉ ትወድቃለች። ፍርዱ መጨረሻ ላይ «በፍ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 348(1) መሠረት ጸንቷል» የሚል ይኖራል። እሱ ችሎቱ ለማጽናት ወይም ለመሻር የሚጠቀምበት የሥነ ሥርዓት ድንጋጌ ነው፤ ክርክሩን የፈታ አይደለም። ከ1723 ጎን «ተመሠረተበት» ብላችሁ ካስቀመጣችሁት አንባቢውን ታሳስታላችሁ። ለብቻው ይቀመጥ።

እዚህ ያሉት የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የፌዴራሉ ሰበር ፍርድ የሚመጣው በአማርኛ ነው። ጥቅሱን በተጻፈበት ቋንቋ እንዳለ አስቀምጡ፤ ማብራሪያችሁን ከሥሩ ጨምሩ። ፍርዱ የአንቀጽ ቁጥር ስለማይኖረው የገጹ ቁጥር ግድ ነው።

ሰንጠረዡ የሚነግራችሁ ይህ ችሎት ያን ዕለት ያደረገውን ብቻ ነው። 21448ን ዛሬ ለዳኛ ከማቅረባችሁ በፊት፣ ከዚያ ወዲህ ሰበር ስለ 1723 ምን እንዳለ በኋለኞቹ ቅጾች ላይ መፈለግ አለባችሁ።