እርማት፦ መንገድ የተዘጋበት ሁሉ አይሰርቅም

«የሜርተን የጫና ንድፈ ሐሳብ እኮ ግልጽ ነው፦ ግብህ ከተዘጋብህ ወንጀለኛ ትሆናለህ። የጅማን ሥራ አጥ እዩ!»

እንደዛ አላለም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሮበርት ሜርተን እ.ኤ.አ. በ1938 የዘረዘረው፣ ኅብረተሰቡ የሚያስመኘው ግብና ወደዚያ የሚወስደው የተፈቀደ መንገድ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ሰዎች የሚሰጧቸውን አምስት ምላሾች ነው። በቡና ንግድ መክበር የሚመኙ፣ ግን መነሻ ገንዘብ የሌላቸው የጅማ ጓደኛሞችን እናስብ። አንዱ ግቡን ይዞ መንገዱን ይቀይራል፤ ክብደት እንዲጨምር ቡናውን ውሃ ይረጨዋል። ለጥቅም የሚሠራ ወንጀል በዋናነት እዚህ ነው። ሌላው የሀብቱን ምኞት ትቶ ደመወዝተኛ ይሆናል፤ ደንቡን ሳያዛንፍ ይገባል፣ ይወጣል። (ይሄን ማንም ጫና ያለበት አይለውም!) ሦስተኛው ግቡንም መንገዱንም ጥሎ መጠጥ ውስጥ ይደበቃል። አራተኛው ሥርዓቱን ራሱን ልቀይር ብሎ ይነሳል። አምስተኛው እንደተቸገረ በተለመደው መንገድ ይቀጥላል፤ በተረጋጋ ኅብረተሰብ ብዙኃኑ ይሄ ነው።

ደግሞ የወንጀል ተመራማሪዎቹ ክሎዋርድና ኦህሊን እ.ኤ.አ. በ1960 እንደጨመሩት፣ የማጭበርበሪያውም በር ለሁሉ ክፍት አይደለም። እርጥቡን ቡና ዓይኑን ጨፍኖ የሚረከብ ደላላ የማያውቅ ሰው፣ ቢፈልግም አይችልም።